ሚስማር በማይመታበት የደሴ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ላይ ፎቶና ስፌት እንዴት ይሰቀላል?

ሦስተኛ ፎቅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይቻለሁ። ሚስማር መምታት፣ በድሪል መብሳትና ቀለም መቀባት ክልክል መሆኑ ውሉ ላይ በግልጽ ሰፍሯል፤ አከራይዋም በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ለመስቀል የፈለግሁት አምስት የምርቃትና የቤተሰብ ፎቶ (ሁሉም 30 በ40፣ ባለመስታወት)፣ ስድስት ሰባት ስፌት፣ 60 በ90 የሆነ የፊት መስታወትና ለሳሎኑ መስኮት ስስ መጋረጃ ነው።

ከገበያ ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ብረት ያለውን ተለጣፊ መስቀያ ገዝቼ ሦስት ፎቶ ሰቀልኩ። ሁለቱ ሌሊት ወደቁ። አንዱ የብር ሳንቲም የሚያክል ቀለም ይዞ ነው የወረደው። ማሸጊያው ላይ 5 ኪሎ ይችላል ይላል፣ ፎቶው ደግሞ አንድ ኪሎ ቢሆን ነው። ግድግዳው ነጭ ነው፣ ሲዳሰስ ለስላሳ ነው፣ ስንጥቅም የለውም። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

---

ባለ መዶሻ

ለምን ትጨነቂያለሽ? ቀጭኗን የኮንክሪት ሚስማር ምቺበት። ቀዳዳዋ የክብሪት ራስ አታክልም። ስትለቂ በትንሽ ጀሶ ትደፍኛትና በጣትሽ ታለሰልሻታለሽ፤ ማንም አያውቅብሽም።

---

ሦስተኛ ፎቅ

አመሰግናለሁ፣ ግን ጥያቄዬ ያለ ሚስማር ነው። ውሉ ላይ ፈርሜያለሁ።

---

ናፍቆት ዲኮር

እህቴ፣ መስቀያው የወደቀው ግድግዳው ስላልጸዳ ነው። ከመለጠፍሽ በፊት በሳኒታይዘር ጥርግ አድርጊው፣ አስደርቂው፣ ከዚያ ለጥፊና ለግማሽ ደቂቃ ያህል አጥብቀሽ ተጫኝው። ወዲያው አትስቀይበት፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ለአንድ ፎቶ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለት መስቀያ ተጠቀሚ። ያኔም እምቢ ካለሽ ግልጹን ባለ ሁለት ገጽ ወፍራም ፕላስተር ግዢ፤ ናኖ የሚሉትን። እሱ ድንጋይም ይይዛል።

---

ልስንና ቀለም

ናፍቆት ስለ መጫኑና ስለ መቆየቱ ያልሽው ትክክል ነው። ሦስተኛ ፎቅ ግን ራሷ ምልክቱን ነግራናለች፦ መስቀያው ቀለም ይዞ ነው የወረደው። ይህ ማለት ሙጫው ሥራውን ሠርቷል። የለቀቀው ቀለሙ ነው። ሙጫው የያዘው ቀለሙን እንጂ ግድግዳውን አይደለም፤ ቀለሙ የያዘው ስቱኮውን፣ ስቱኮው ልስኑን፣ ልስኑ ብሎኬቱን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ደካማው የቱ እንደሆነ ሳታውቂ መስቀያ ብትቀያይሪ ትርፉ ቀለም መላጥ ነው። ሁለት መስቀያ ብታደርጊበት ቀለሙ በሁለት ቦታ ይነሳል፤ ናኖ ብትለጥፊበት ደግሞ ስትነቅዪው ሰፊ ቦታ ይዞብሽ ይመጣል።

ለኪራይና ለሽያጭ የሚሠሩ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚቀቡት በውኃ በጣም የቀጠነ የፕላስቲክ ቀለም ነው። እንዲህ ያለው ቀለም ሲደርቅ ላዩ ላይ ዱቄት ይተዋል። ለዓይን ያማረ፣ ለእጅም የለሰለሰ ይሆናል። ልስላሴው ራሱ ግን ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ከዱቄቱ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ፍተሻ አድርጊ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ጥቁር ጨርቅ ጣትሽ ላይ ጠቅልለሽ ግድግዳውን አምስት ስድስት ጊዜ እሺው። ጨርቁ ከነጣ ግድግዳው ዱቄታም ነው። ቀጥለሽ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጪ፣ ሶፋ ወይም ቁምሳጥን በሚሸፍነው ቦታ ላይ ለጥፊ፣ በማንኪያ ጀርባ እየተጫንሽ አየሩን አስወጪ። ጫፉን ይዘሽ ወደ ራሱ አጥፈሽ ባንድ ጊዜ ሳቢው። የሙጫውን ገጽ ወደ ብርሃን አዙረሽ እይ። ጥርት ያለ ከሆነ መለጠፍ ይቻላል። ዱቄት ከያዘ ከስፌት የከበደ ነገር አይሰቀልበትም። ቀለሙን እንደ ቅርፊት ካነሳው እዚያ ግድግዳ ላይ ምንም አትለጥፊ።

ፍተሻውን በየግድግዳው ድገሚው። የአንድ ቤት ግድግዳዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። በተለይ ወደ ውጭ የሚያየውና የውስጡ ይለያያሉ፤ የደሴ ክረምት የውጭውን ያርሰዋል፣ እርጥብ ልስን ላይ ያለ ቀለም ደግሞ ቶሎ ይለቃል።

ሳኒታይዘሩን ተዪው። ብዙው እጅ እንዳያደርቅ የሚያለሰልስ ነገር ይጨመርበታልና ግድግዳው ላይ ስስ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ከፋርማሲ የሚገዛው ተራ አልኮል ይሻላል። እሱንም ቢሆን ለሴራሚክ፣ ለመስታወት፣ ለዘይት ቀለምና ለቁምሳጥን ብቻ። የፕላስቲክ ቀለምን አልኮል ያለሰልሰዋል፤ አጥብቀሽ ካሸሽው ቀለሙ ራሱ ጨርቁ ላይ ይመጣል። እዚያ ላይ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት ይበቃል።

---

ሰፌድ

እኔ የምጨምረው የቡናና የእጣን ጭስ ነገር አለ። ቡና በየቀኑ በሚፈላበት ቤት ከረከቦቱ በላይ ያለው ግድግዳ ለዓይን የማይታይ ቅባት ይይዛል። ነጭ ሶፍት በአልኮል ነክራችሁ አንዴ ብታሳልፉበት ቢጫ ሆኖ ይወጣል። እዚያ የተለጠፈ መስቀያ በመጀመሪያው ሳምንት ባይወድቅ በወሩ ይወድቃል። ስፌት ከቡናው ቦታ በላይ መደርደር ያምራል፣ አውቃለሁ፣ ግን አንድ ሜትር ወደ ጎን ብታደርጉት ይቆያል። ስፌቱም ራሱ ጥላሸት አይጠጣም።

---

ሦስተኛ ፎቅ

@ልስንና ቀለም በአራት ቦታ ፈተሽኩ። የሳሎኑ ትልቁ ግድግዳ (ሶፋው ያለበት) ጨርቁን አንጥቶታል፣ ፕላስተሩም ላይ ቀለም ተነስቷል። መኝታ ቤት ውስጥ የአልጋው ራስጌ ዱቄት ብቻ ነው የያዘው። የኮሪደሩ ግድግዳ እስከ ደረቴ ድረስ የሚያብረቀርቅ ክሬም ቀለም ተቀብቷል፤ እሱ ምንም አልሆነም። ኩሽናው ሴራሚክ ነው። ታዲያ ለፎቶ የፈለግሁት ትልቁን የሳሎን ግድግዳ ነበር።

---

ልስንና ቀለም

ኮሪደሩ የዘይት ቀለም ነው። መለጠፍ የሚቻልሽ እዚያ፣ ኩሽናው ሴራሚክ ላይ፣ ቁምሳጥኑ ጎንና በሮቹ ላይ ነው። ለሳሎኑ ትልቅ ግድግዳ ሌላ ዘዴ እንፈልግለታለን፤ ማጣበቂያ የሚባል ነገር እዚያ አይደርስም።

ለኮሪደሩ የትኛውን መስቀያ እንደምትገዢ ልንገርሽ። ያንን ግልጹን አይደለም። እሱ ለሴራሚክና ለመስታወት የተሠራ ነው፤ ሲነቀል ጫፉ በጥፍር ተነስቶ ወደ ውጭ ይሳባል፣ ቀለም የሚያነሳውም ይህ አነቃቀል ነው። ለቀለም የሚሆነው ከሥሩ የምትጎተት ምላስ ያለችው ነጭ ላስቲክ መሰል ማጣበቂያ ነው። ስትነቅዪ ምላሷን ይዘሽ ከግድግዳው ሳታርቂ ቀጥታ ወደ ታች፣ ቀስ እያልሽ ትስቢያለሽ። ማጣበቂያው እየተለጠጠ፣ እየቀጠነ ይሄድና በራሱ ይለቃል። በሌላ እጅሽ መስቀያውን ያዝ አድርጊው፣ አለበለዚያ ተፈናጥሮ ፊትሽን ይመታሻል። ወደ ራስሽ ከሳብሽው ግን ከግልጹ አይሻልም።

ደሴ ውስጥ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ካለሽ አስመጪ። ስትለጥፊ ሰዓት ምረጪ። ይህ ሙጫ ሲለጠፍ ከ10 ዲግሪ በታች ያለ ብርድ አይወድም፤ ይደርቅና ግድግዳው ላይ አይሰራጭም። የደሴ ጠዋት ለዚህ አይሆንም። ፀሐይ ቤቱን ካሞቀችው በኋላ፣ ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ለጥፊ።

ማሸጊያው ላይ ስለተጻፈው ኪሎም አንድ ነገር ላንሳ። ያ ቁጥር ክብደቱ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ቀጥታ ወደ ታች ሲወርድ ነው። መስቀያው ወደ ውጭ በረዘመ ቁጥር ክብደቱ የማጣበቂያውን የላይኛ ጫፍ እየፈለቀቀ ይነሣል። ፎቶ ከግድግዳው አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ስለማይርቅ ብዙም አይፈለቅቅም፤ ያው ክብደት ያለው ጃኬት ግን አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ወጣ ባለ መንጠቆ ላይ ቶሎ ያወርደዋል። በተጻፈው ቁጥር ግማሽ ሥሩ። ከሰቀልሽም በኋላ በየሳምንቱ የላይኛውን ጫፍ እይው፤ ከግድግዳው በፀጉር ስፋት እንኳ ከተላቀቀ ያንኑ ዕለት አውርጂው።

---

ኮምቦልቻ ሰፈር

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ የተከራየሁት የጭቃ ቤት ነው፣ በጀሶ የተለሰነ። እኔ ጋ ብርድ የለም፣ ሙቀት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ሁሉ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ ባንዴ አይወድቅም፣ በቀን ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። ይህስ የቀለም ችግር ነው?

---

ልስንና ቀለም

አይደለም፣ ያንተ ሙጫው ነው። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ክብደቱም ቀስ እያደረገ ይጎትተዋል። ቀጥታ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ከአየሩ ይልቅ በጣም ይሞቃል። ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዙረው። በጭቃ ቤት ጀሶ ላይ ግን ከፎቶ ወረቀትና ከስፌት በላይ አትለጥፍ፤ ጀሶው ከጭቃው ጋር ያለው ትስስር ደካማ ነው፣ በመዳፍ የሚያክል ቁራጭ ሊገነጠል ይችላል። በጣትህ ጀርባ ኳ ኳ አድርገው፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ላይ ምንም አይለጠፍም።

---

ቱቦላሬ

ለሳሎኑ ግድግዳ እኔ ልግባ። ብየዳ ሥራዬ ነው። ፎቶ ግድግዳ ላይ መሰቀል የለበትም፤ ከግድግዳው ፊት የሚቆም ፍሬም ላይ ይሰቀላል። እንደ በር መቃን ያለ ነገር፣ ከሥሩ ሁለት እግር ወደ ፊት የወጣለት።

20 በ20 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ የላሜራው ውፍረት 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ። አንድ ቱቦላሬ 6 ሜትር ነው፣ ከአንዱ እንጨርሰዋለን። ሁለት ቋሚ በ170 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት አግዳሚ በ96፣ ሁለት እግር በ32። ድምሩ 596 ነው፤ የቀረው 4 ሴንቲ ሜትር ለመጋዙ ነው። አንዱ አግዳሚ ከላይ፣ ሌላው ከወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይበየዳል። ፎቶዎቹ ከላይኛው አግዳሚ በኤስ መንጠቆና በናይለን ገመድ ይንጠለጠላሉ። አንቲረስት፣ ከዚያ ጥቁር ቀለም። ቀለሙ እኛ ጋ ስለሚደርቅ ቤትሽ አይሸትም።

---

ልስንና ቀለም

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እግሩ ግን አጭር ነው ጌታው። አብረን እናስላው። ቱቦላሬው ራሱ 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የፎቶ መስታወት ባለ 2 ሚሊ ከሆነ በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ነው፤ 30 በ40 ማለት 0.12 ካሬ ሜትር ስለሆነ መስታወቱ 600 ግራም፣ ከነእንጨቱ አንድ ኪሎ ነው። አምስት ፎቶ 5 ኪሎ፤ በጠቅላላው 9 ኪሎ፣ 10 እንበለው።

ይህ ሁሉ ክብደት ያለው ከኋላ፣ ከእግሩ ጫፍ 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነው። አንድ ሰው ጫፉን በ170 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ወደ ፊት ቢስበው፣ 10 ሲባዛ 28 ሲካፈል ለ170 ነው፤ ወደ 1.6 ኪሎ ይመጣል። ልብስ ቢይዘው ይወድቃል ማለት ነው።

---

ቱቦላሬ

ቁጥሩን አልቃወምም። አሸዋ ይጨመርበት፤ 10 ኪሎ የአሸዋ ከረጢት የታችኛው አግዳሚ ሥር፣ ከግድግዳው ተጠግቶ ይታሰር። ወደ ኋላ በሆነ ቁጥር ይበልጥ ይይዛል፤ እግሩ ጫፍ ላይ ያስቀመጥሽው አሸዋ ዋጋ የለውም።

---

ልስንና ቀለም

አሸዋው ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን 3 ኪሎ ላይ ነው የሚያደርስሽ። እግሩንም አርዝመው።

---

ቱቦላሬ

እሺ፣ ከአንድ ቱቦላሬ ሳንወጣ እንዲህ እናድርገው። ቋሚ 160፣ አግዳሚ 86፣ እግር 50። ድምሩ 592። አሸዋው ሲጨመርበት ክብደቱ 20፣ ርቀቱ 46፣ ቁመቱ 160፤ ከ5 ኪሎ ተኩል በላይ ጉተታ ይችላል። ቋሚውና እግሩ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ 5 በ5 የሆነ ሦስት ማዕዘን የላሜራ ቁራጭ እበይድበታለሁ። ካለ እሱ መገናኛው ይወዛወዛል፣ ከጊዜ በኋላም ብየዳው ይሰነጠቃል። ቱቦዎቹ ጫፍ ላይ የፕላስቲክ መድፈኛ ይገባል፣ ከእግሩ በታች ሴራሚኩን እንዳይቧጭር ላስቲክ ይለጠፋል።

የፎቶው አደራደር ግን ይለወጣል። 86 ሴንቲ ሜትር ላይ ባለ 30 ፎቶ ሦስት ጎን ለጎን አይገባም። ሁለት ሁለት ሆኖ በሦስት ረድፍ ነው የሚወርደው። መንጠቆው 4 ሴንቲ ሜትር፣ በፎቶዎቹ መካከል 4 ሴንቲ ሜትር ብናደርግ የመጨረሻው ረድፍ ከወለሉ 28 ሴንቲ ሜትር ላይ ያቆማል። ስድስት ቦታ ስላለ አምስት ፎቶና አንድ ስፌት ይይዛል።

---

ሦስተኛ ፎቅ

50 ሴንቲ ሜትር እግር ግን ሳሎኑን አይዘጋም? ሰው ያደናቅፋል። ደግሞ የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ።

---

ሰፌድ

ሶፋሽ እግር ካለው መልሱ እዚያው ነው። ፍሬሙን ከሶፋው ጀርባ አቁሚውና እግሮቹን ከሶፋው ሥር አስገቢያቸው። የቱቦላሬው ውፍረት 2 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከሥሩ ያልፋል። እግሩ አይታይም፣ ማንም አይደናቀፍም፤ የሶፋው ጀርባም ግማሹን ይሸፍነዋል። የታችኛውን ረድፍ ባዶ ተዪው፣ ሦስተኛውን ረድፍ ማንም አያየውም። አምስቱን ፎቶ አራት አድርጊና አምስተኛውን ኮሪደር ላይ ስቀዪው።

---

ቱቦላሬ

ይህ ከእኔም ይሻላል። ግን አንድ ነገር አስተውዪ፤ ቤቱ ዞኮሎ ስላለው የፍሬሙ ሥር ከግድግዳው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፣ አናቱ ወደ ኋላ ጋደል ይላል። ብረቱ ቀለሙን እንዳይፍቀው ከላይ ሁለቱ ማዕዘን ላይ ከጀርባ ቁራጭ ስፖንጅ አስሪ። አስሪ ነው ያልኩት፣ ግድግዳው ላይ አትለጥፊው። ልጁ እንዳይጥለው ደግሞ አናቱን በገመድ ከመስኮቱ የብረት ፌሮ ጋር እሰሪው፣ መስኮቱ ቅርብ ከሆነ።

---

ልስንና ቀለም

በመስኮቱ አልስማማም። ገመዱ ወደ ጎን ይጎትተዋል እንጂ ወደ ኋላ አይይዘውም። የሁለት ዓመት ልጅ ባለበት ቤት የእኔ ምክር የፎቶውን መስታወት አውጥቶ በግልጽ ፕላስቲክ መለወጥ ነው። ይህም ክብደቱን ያቀለዋል። ቢወድቅም ስብርባሪ የለውም።

---

ቱቦላሬ

ገመዱ ከምንም ይሻላል፤ ሶፋው ደግሞ ከፊት ይይዘዋል። መስታወቱን መለወጡ ግን ጥሩ ነው።

---

ናፍቆት ዲኮር

የ60 በ90 መስታወቱስ? እሱን ረሳችሁት።

---

ልስንና ቀለም

አልረሳነውም። ባለ 4 ሚሊ መስታወት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ነው፤ 60 በ90 ማለት 5.4 ኪሎ፣ ከነፍሬሙ 7 ኪሎ ገደማ። እሱን የትኛውም ግድግዳ ላይ በማጣበቂያ አትስቀዪ፣ ኮሪደሩም ላይ ቢሆን። ማጣበቂያ በድንገት ነው የሚለቅ።

ቡፌ ካለሽ እላዩ ላይ አቁመሽ ወደ ግድግዳው አስደግፊው። አደጋው ከላይ አይደለም፤ ከሥሩ ወደ ፊት መንሸራተቱ ነው። ከመስታወቱ ሥር ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የተቆረጠ ቁራጭ ዘርጊ፤ ሙሉውን 60 ሴንቲ ሜትር ይሸፍን። የቡፌው ላይ ደግሞ ከመስታወቱ ፊት አንድ ቀጭን የእንጨት ቁራጭ በተሳቢው ማጣበቂያ ለጥፊ። ቡፌው ቫርኒሽ የተቀባ ከሆነ በደንብ ይይዛል። ሥሩ ከግድግዳው ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ቀጥ ብሎ ከቆመ ቡፌው ሲነካ ወደ ፊት ይመጣል፤ በጣም ካጋደለ ደግሞ ኮርኒሱን እንጂ ፊትሽን አያሳይሽም። አናቱ ግድግዳውን የሚነካበት ቦታ ላይ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ከፍሬሙ ጋር እሰሪ። ልጁ ቡፌው ላይ የሚንጠላጠል ከሆነ ግን መኝታ ቤት አስገቢው።

---

ሰፌድ

መጋረጃውን እኔ ልመልስ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ስለሆነ። የኮንዶሚኒየም መስኮት ብዙ ጊዜ የላሜራ ነው፤ ላሜራ ማግኔት ይይዛል። የፍሪጅ ማግኔት ወስደሽ የመስኮቱ ፍሬም ላይ ሞክሪ። ከያዘ ዕዳው ገብስ ነው። አሉሚኒየም ከሆነ አይይዝም።

ስስ መጋረጃ ከሆነ የላይኛውን ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር አጥፈሽ ስፊና በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ትንንሽ ጠፍጣፋ ማግኔት አስገቢበት። 140 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው መስኮት ከሁለቱ ጫፍ ጋር ስምንት ማግኔት ይሆናል። በማግኔቶቹ መካከል በክር ዝጊያቸው፣ አለበለዚያ ተሳስበው አንድ ቦታ ይከማቻሉ። ልጅ ስላለሽ ስፌቱ ጠንካራ ይሁን፤ ሁለት ትንንሽ ማግኔት የዋጠ ሕፃን አንጀቱ ውስጥ ተሳስበው ከባድ ጉዳት ያደርሱበታል። አንድ እንኳ ጠፍቶ ካጣሽው ፈልጊው።

ስለ ባለ መንጠቆ ማግኔትም አንድ ነገር ላክል። ማሸጊያው ላይ 10 ኪሎ ካለ ቀጥታ ወደ ራስሽ ስትስቢው ነው። የቆመ ላሜራ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ታች ሲጎተት ግን ይንሸራተታል፤ ከሩብ በላይ ይችላል ብለሽ አትገምቺ። ቀለም የተቀባ ላሜራ ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ከጀርባው ስስ ላስቲክ ብታደርጊ አያንሸራትትም፣ ላሜራውንም አይቧጭርም። የእኔ ስፌቶች በብረት በሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደዚህ ነው የተሰቀሉት።

---

ባለ መዶሻ

የመጋረጃ ዘንግስ? ውስጡ ሞላ ያለው፣ ሁለቱን ግድግዳ እየገፋ የሚቆም አለ አይደል? ሚስማር አይፈልግም።

---

ሰፌድ

አለ፣ ጥሩም ነው። የመስኮቱ ግንብ ውስጥ ገብቶ ይወጠራል። ግን ዱቄታም ቀለም ላይ የዘንጉ ጫፍ ይንሸራተታል፣ ሲሽከረከርም ክብ ጠባሳ ይተዋል። ከ120 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲረዝም ደግሞ መሐሉ ይጎብጣል። ላሜራው ማግኔት ከያዘ እሱን አያስፈልጋትም።

---

ሦስተኛ ፎቅ

ላሜራው ይይዛል! ብረት በሩም ይይዛል። ስፌቶቹን ወደ በሩና ወደ ኮሪደሩ አደርጋለሁ። የሶፋው እግር ቁመት 9 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ቱቦላሬው ይገባል። አሁን የቀረኝ ሦስተኛው መስቀያ ነው፤ ያልወደቀው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ነው። እንዴት ላንሳው?

---

ናፍቆት ዲኮር

በዘይት አርሺው፣ ሙጫው ይለቃል።

---

ልስንና ቀለም

ዘይት ለሴራሚክና ለመስታወት ነው። ፕላስቲክ ቀለም ዘይት ከጠጣ ቅባቱ ለዘለዓለም አይለቅም፤ ላዩ ላይ ቀለም ቢቀባ እንኳ ያልፋል።

መስቀያውን ከሰባት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ርቀሽ በፀጉር ማድረቂያ ለአንድ ደቂቃ ያህል አሙቂው። ሙቀቱ በመካከለኛ ይሁን። ከዚያ የዓሣ ማጥመጃ ክር ወይም ቀጭን ናይለን ክር ከላይ በኩል ከጀርባው አስገብተሽ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እያልሽ ወደ ታች ቁረጪው። ወደ ራስሽ አትሳቢ። ከቀዘቀዘ እንደገና አሙቂ። ፕላስቲኩ ከወረደ በኋላ ግድግዳው ላይ የቀረውን ሙጫ በጣትሽ እያድበለበልሽ ሰብስቢው። በቢላዋ አትንኪው።

ያንቺ ቀለም ካየሽው አንጻር እንዲህም ሆኖ ትንሽ ሊነሳ ይችላል።

---

ቱቦላሬ

እኔ ባላነሳው እላለሁ። ፍሬሙ ከፊቱ ይቆማል፣ አይታይም። በቆየ ቁጥር ራሱ ይለቅ ይሆናል።

---

ልስንና ቀለም

ሙጫ በቆየ ቁጥር ይበልጥ ይነክሳል እንጂ አይለቅም። ደግሞ ለአከራይዋ አንድ ጠባሳ ዛሬ ማሳየት ስትለቂ ሁለት ከማሳየት ይቀላል። ውሳኔው ግን የእሷ ነው።

---

ሦስተኛ ፎቅ

ቅዳሜ ከሰዓት ሲሞቅ በክሩ እሞክረዋለሁ። ቱቦላሬ፣ 160 በ86 ባለ 50 እግሩን ላስይዝህ ነው፤ ሳሎኑ ዞኮሎው 8 ሚሊ ሜትር ነው የወጣው፣ እሱን አስበህ ከላይ ለስፖንጁ ማሰሪያ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ብሳልኝ።

---

ቱቦላሬ

እበሳዋለሁ። ግን የታችኛውን አግዳሚ ከመበየዴ በፊት የሶፋሽን ጀርባ ቁመት ለክተሽ ላኪልኝ። ፎቶዎቹ ከሶፋው በላይ እንዲታዩ የገመዱ ርዝመት የሚወሰነው በእሱ ነው፤ የሶፋው ጀርባ ከ72 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ሁለተኛው ረድፍ መሸፈን ይጀምራል፣ ያኔ ቋሚውን ማርዘም ሊኖርብን ነው፣ ማርዘም ካለብን ደግሞ አንድ ቱቦላሬ አይበቃንም።